የሸንገን ቪዛ 90 ቀን ከመቼ ተነስቶ ነው የሚቆጠረው?

ገለጉ ላይ መምህር በነበርኩበት ጊዜ ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት እናት ሰሞኑን ደወሉልኝ። ልጃቸው ጀርመን ነው የምትኖረው። በጥር ወር ስትወልድ ሊያርሷት ሄደው፣ ረመዳን ከገባ በኋላ ቀሪውን በአገራቸው ለመጾም ተመልሰዋል። አሁን ደግሞ ዒደል አድሃ እንዳለፈ ሄደው ክረምቱን ከልጅ ልጃቸው ጋር ሊያሳልፉ አስበዋል፤ ሁለተኛው ቪዛም ወጥቶላቸዋል። «ኡስታዝ፣ ወረቀቱ ላይ ዘጠና ቀን ይላል። ልጄ ግን አርባ ቀን ብቻ ነው ያለሽ ትለኛለች። ማናችን ነን ትክክል?» አሉኝ።

ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለየው የሚገቡበት ቀን ነው፤ እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

ሸንገን የሚባለው በመካከላቸው የፓስፖርት ቁጥጥር ያነሱ 29 የአውሮፓ አገሮች ስብስብ ነው። ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ስዊድንና ሌሎችም አሉበት። እንግሊዝና አየርላንድ የሉበትም። ለአጭር ጊዜ የሚመጣ እንግዳ በእነዚህ አገሮች ውስጥ «በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ» መቆየት አይችልም። በ29ኙም የቆየበት ቀን አንድ ላይ ይደመራል፤ ሃያ ቀን ጀርመን፣ አሥር ቀን ጣሊያን የቆየ ሰው ሠላሳ ቀን ተጠቅሟል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ማንኛውም» የምትለዋን ቃል ዘሎ ስለሚያነብ ነው። 180 ቀኑ በዓመቱ መጀመሪያ ወይም ቪዛው በወጣበት ዕለት የሚጀምር፣ ሲያልቅ ደግሞ እንደ አዲስ የሚከፈት ዘመን አይደለም። ከሰውዬው ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ መስኮት ነው። አውሮፓ ውስጥ በሚያሳልፉት በእያንዳንዱ ዕለት ያንን ዕለት ጨምሮ ወደ ኋላ 180 ቀን ይቆጠራል። በዚያ መስኮት ውስጥ የቆዩባቸው ቀናት ሲደመሩ ከ90 መብለጥ የለባቸውም። ነገ መስኮቱ አንድ ቀን ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከኋላው አንዲት ቀን ትወድቃለች፣ ከፊቱ አንዲት ቀን ትጨመራለች። የወደቀችው ቀን አውሮፓ የነበሩባት ከሆነች አንድ ቀን ተመለሰችልዎት ማለት ነው። አገር ቤት የነበሩባት ከሆነች ግን ምንም አላተረፉም።

አዲስ ቪዛ የድሮውን ቆጠራ አይሰርዝም። ይህን ማወቅ ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት እንዲቆም፣ የማመልከቻው ጊዜም ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል አድርጓል። ስለዚህ በዓመት ሁለቴ የሚሄድ ሰው ሁለት የተለያዩ ባለ አንድ መግቢያ ቪዛዎች ይዞ ነው የሚሄደው። ቪዛዎቹ ሁለት ቢሆኑም ቆጠራው አንድ ነው።

ቪዛው ላይ የሚታዩትን ቁጥሮችም ለይቶ ማንበብ ያስፈልጋል። `FROM` እና `UNTIL` ከሚሉት አጠገብ ያሉት ቀናት ቪዛው የሚያገለግልበትን ዘመን ይነግራሉ። `DURATION OF STAY` የሚለው ደግሞ በዚያ ዘመን ውስጥ ስንት ቀን መቆየት እንደሚቻል ነው። ዘመኑ አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ ብዛት ይረዝማል፤ ጉዞ ቢዘገይ እንዲያመች ታስቦ ነው። የእናታችን ቪዛ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ያገለግላል፤ የቆይታው ቀን 90 ነው። በዚህ ላይ ተንቀሳቃሹ መስኮት አለ። ከሦስቱ ገደቦች መጀመሪያ የሚደርሰው ይገዛቸዋል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። በኛው አቆጣጠር እሠራዋለሁ፤ ወራችን እኩል ሠላሳ ቀን ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ እንዲህ የተመቸ የቀን መቁጠሪያ አላየሁም።

የመጀመሪያው ጉዞ ጥር 2 ቀን 2018 ገብተው የካቲት 21 የወጡበት ነው (እ.ኤ.አ. ከጥር 10 እስከ የካቲት 28 ቀን 2026)። የገቡበትም የወጡበትም ዕለት እንደ ሙሉ ቀን ይቆጠራል። ከጥር 29 ቀን፣ ከየካቲት 21 ቀን፣ በድምሩ 50 ቀን።

የትኬት ቢሮው የያዘላቸው በረራ ግንቦት 21 ንጋት ላይ ፍራንክፈርት ያደርሳል። በዚያ ቀን ገቡ እንበል። ሰኔ 30 ሲደርስ ከግንቦት 10 ቀን፣ ከሰኔ 30 ቀን፣ 40 አዲስ ቀን ተቆጥሯል። የሰኔ 30 መስኮት ወደ ኋላ ሄዶ የሚጀምረው ጥር 1 ላይ ነው። ስለዚህ የድሮዎቹ 50 ቀናት በሙሉ ውስጥ ናቸው፤ ድምሩ 90 ሞላ። በማግስቱ ሐምሌ 1 መስኮቱ ጥር 2 ላይ ይጀምራል። ጥር 2 ደግሞ የገቡባት ቀን ናት፤ ገና አልወደቀችም። 50 ሲደመር 41፣ 91። ቪዛው 90 ቀን ቢልም ሰኔ 30 መውጣት አለባቸው ማለት ነው። ልጅቷ አርባ ቀን ያለችው ይህንን ነው።

በረራው በአንድ ቀን ተገፍቶ ግንቦት 22 ቢገቡስ? ሐምሌ 1 ላይ አዲሱ ቀን 40 ነው፤ ከ50 ጋር 90። ሐምሌ 2 አዲሱ 41 ይሆናል፤ ነገር ግን መስኮቱ አሁን ጥር 3 ላይ ስለሚጀምር ጥር 2 ወድቃለች፤ የድሮው 49 ሆነ። ድምሩ አሁንም 90 ነው። ሐምሌ 3 ደግሞ 42 እና 48። እንዲህ እያለ በየቀኑ አንዷ ስትገባ አንዷ እየወጣች፣ ነሐሴ 21 ላይ የድሮዎቹ በሙሉ አልቀው አዲሶቹ ብቻቸውን 90 ይሆናሉ። ያቺ የመጨረሻዋ ቀን ናት። እናትየው ዘጠና ቀን ያሉትም በዚህ መንገድ ልክ ነው።

ግንቦት 21 ቢገቡ አርባ ቀን፣ ግንቦት 22 ቢገቡ ዘጠና ቀን። ይህን ስነግራቸው ስልኩ ላይ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ እኔም ብሆን ሁለቴ ቆጥሬ ነው ያመንኩት። ምስጢሩ ድሮ የቆዩባቸው ቀናት መውደቅ የሚጀምሩት ሐምሌ 2 መሆኑ ነው። እስከዚያ ድረስ 90ው ካልሞላ ከዚያ በኋላ የሚመለሰው ቀን ይሸከማቸዋል። በአንድ ቀን ቀድሞ ከሞላ ግን የሚመለሰው ቀን ሳይደርስላቸው ይቀራል።

ሂሳቡን በየቀኑ መሥራት አያስፈልግም። ሳይወጡ በተከታታይ በሚቆዩበት ጊዜ ድምሩ በየቀኑ አንድ ይጨምራል፤ ቢወድቅለትም የሚወድቀው ቢበዛ አንድ ነው። ስለዚህ ወይ ያድጋል ወይ ባለበት ይቆማል እንጂ አይቀንስም። እንግዲያው ሊወጡ ያሰቡበትን ቀን ብቻ ይፈትሹ፤ እሱ ከ90 ካላለፈ ከዚያ በፊት ያሉት ሁሉ አላለፉም። የመግቢያውን ቀን ብቻ መፈተሽ ግን አይበቃም፤ ልጅቷ ከ90 ላይ 50 ቀንሳ ያቆመችው እዚያ ላይ ነበር።

የመስኮቱን መጀመሪያ ለማግኘት በኛ አቆጣጠር ስድስት ወር ወደ ኋላ ሄደው አንድ ቀን ይጨምሩ፤ ከነሐሴ 15 የካቲት 16 ላይ እንደሚደርሱት። ጳጉሜ በመካከል ካለች ግን አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ስድስት ቀን ወደ ፊት ይገፋል። ለምሳሌ የጥር 1 ቀን 2019 መስኮት የሚጀምረው ሐምሌ 7 እንጂ ሐምሌ 2 አይደለም። በፈረንጅ ቀን መሥራት የፈለገ ሰው በስልኩ የሠንጠረዥ መተግበሪያ ላይ መውጫውን ቀን `A1` ላይ ጽፎ `=A1-179` ቢል የመስኮቱን መጀመሪያ ያገኛል። 179 የሆነው ራሷ መውጫዋ ቀን ስለምትቆጠር ነው። የአውሮፓ ኮሚሽንም `Short-stay calculator` የሚባል ማስያ በድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል።

«ሦስት ወር» ብሎ ማሰብም ያሳስታል። በኛ ወር 90 ነው፤ በፈረንጅ ከመጋቢት እስከ ግንቦት 92 ይሆናል፤ በሂጅራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 88 ወይም 89 ነው። የቀኑ መለወጫም እንደዚሁ። ለእኛ ቀኑ በመግሪብ ይለወጣል፣ አገር ቤት ደግሞ ንጋት ላይ ነው የሚባለው፤ የድንበር ፖሊሱ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው የሚለውጠው። የሚታየው የፓስፖርት ቁጥጥሩን ያለፉበት ሰዓት ነው። በ90ኛው ቀን ማታ ከፍራንክፈርት ተነስቶ በ91ኛው ንጋት ቦሌ የሚያርፍ ሰው ምንም አላጠፋም። በረራው ዘግይቶ ቁጥጥሩን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ካለፈ ግን 91ኛ ቀን ተቆጥሮበታል።

እናታችን እግረ መንገዳቸውን ለንደን ያለች እህታቸውን ጠይቀው ለመመለስም አስበው ነበር። የእንግሊዝ ቪዛ ቢያገኙ እንኳ፣ ሲወጡ ባለ አንድ መግቢያው ቪዛ ያበቃለታል፤ ተመልሶ ጀርመን መግባት የለም። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ያለው ሰውም ቢሆን ወጥቶ መመለሱ ቆጠራውን ከዜሮ አያስጀምርለትም። የማይቆጠረው በመኖሪያ ፈቃድ ወይም በረጅም ጊዜ ቪዛ የኖሩበት ጊዜ፣ እንዲሁም የፓስፖርት ቁጥጥሩን ሳያልፉ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ኤርፖርት ውስጥ የቆዩበት ነው።

የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ፓስፖርት የያዙ ወንድሞችና እህቶች ቪዛ ስለማይጠየቁ ደንቡ የማይመለከታቸው ይመስላቸዋል። ይመለከታቸዋል፤ ቁጥሩን የሚያስታውስ ወረቀት እንኳ ፓስፖርታቸው ላይ ስለማይለጠፍ የሚዘናጉት እነርሱ ናቸው። ቀድሞ ፖሊሱ ማኅተም እያገላበጠ ነበር የሚቆጥረው፤ የደበዘዘ ማኅተምም ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 12 ቀን 2025 ጀምሮ በደረጃ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው የመግቢያና መውጫ ሥርዓት ግን ፊትና የጣት አሻራ መዝግቦ ቀኑን በኮምፒውተር ይቆጥራል። ያለፈበት ሰው እንደ አገሩ ሕግ ሊቀጣ ወይም እንዳይገባ ሊታገድ ይችላል፤ ለሚቀጥለው ቪዛ ሲያመለክትም መዝገቡ ይወጣል።

ሕመም ወይም የበረራ መሰረዝ የመሰለ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም መፍትሔ አለ። ቀኑ ሳያልቅ፣ ሲያልቅ አይደለም፣ ያሉበት ከተማ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ሄደው የሐኪም ወይም የአየር መንገድ ማስረጃ ይዘው ማራዘሚያ መጠየቅ ነው። ምክንያቱ ተቀባይነት ካገኘ ቪዛው ያለ ክፍያ ይራዘማል።

ለእናታችን ግንቦት 22ን አልመከርኳቸውም። በረራ ቀድሞ ቢቀየር ወይም እኔ አንድ ቀን ብሳሳት ክረምቱ በሙሉ ይበላሻል። ግንቦት 25 ገብተው ነሐሴ 15 እንዲወጡ ተስማማን። የመውጫው ቀን መስኮት የካቲት 16 ላይ ይጀምራል፤ ከድሮው ጉዞ የቀረው ከየካቲት 16 እስከ 21 ያለው 6 ቀን ነው፤ አዲሱ 81 ቀን ነው። ድምሩ 87፤ ሦስት ቀን መጠባበቂያ ይተርፋል። ሒሳቡን በወረቀት ጽፌ ፎቶውን ለልጅቷ ላክሁላት፤ እሷም በማስያው ሞክራው ያው 87 ወጣላት።