ግፊት መለኪያው ክንዳችን ላይ ምን ይሠራል?

ጤና ጣቢያ የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ክንዳችሁ ላይ ጨርቅ ይጠመጠማል፣ ባለሙያዋ ትንሿን የጎማ ኳስ ጨበጥ ለቀቅ ታደርጋለች፣ ጨርቁ ተነፍቶ ክንዳችሁን ጭምቅ ያደርገዋል። ጣታችሁ መደንዘዝ ሲጀምር «ፍስስ» እያለ ይለቃል። ከዚያ ሁለት ቁጥር ይነገራችኋል፣ እጅጌያችሁን አውርዳችሁ ትወጣላችሁ። ጨርቁ በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ ምን ሲሠራ እንደነበር ግን ማን ጠይቆ ያውቃል?

ሥራውን ለማየት አንዲት ነጋዴ እንከተል። ኪራሙ ገበያ ውስጥ በርበሬና ጨው የምትቸረችር፣ አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት እንበል። ሴትዮዋን የፈጠርኳት እኔ ነኝ፤ የሚደርስባት ነገር ግን በየገበያው የሚደርስ ነው።

ራሷን ያማታል። ጠዋት ስትነሳ ማጅራቷን ጨምድዶ ይይዛታል። እሷ ደግሞ ምክንያት አታጣለትም፦ የበርበሬው ብናኝ ነው፣ ፀሐይ መትቶኝ ነው፣ ቡና ሳልጠጣ ወጥቼ ነው፣ ምች ነው። ዳማከሴ አሽታ ትታጠናለች፣ ሻሿን ግንባሯ ላይ ጠበቅ አድርጋ ታስራለች። ሲብስባት ዲክሎፌናክ ገዝታ ትውጣለች። ይችን መድኃኒት ልብ በሉልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ከጤና ጣቢያ የመጡ ባለሙያዎች ጥግ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ላለፈ ላገደመው ግፊት ይለካሉ። ነጋዴዋ የሄደችው ስለ ራስ ምታቷ ብላ አይደለም። ጎረቤቷ «ገንዘብ አይጠይቁሽ፣ ሂጂ እስቲ፤ በርበሬሽን እኔ አይልሻለሁ» ብላ ስለገፋፋቻት ነው።

«አዴ፣ አረፍ ይበሉ» አለቻት ባለሙያዋ። ጨርቁን ጠመጠመችላትና በአንድ እጇ የነጋዴዋን የእጅ አንጓ ትርታ ይዛ በሌላው መንፋት ጀመረች። መርፌው 140ን አለፈ፣ 160ን አለፈ፣ 180ንም አለፈ። ትርታው አልጠፋም። የጠፋው 200 አካባቢ ሲደርስ ነው። ባለሙያዋ ምንም አላለችም፤ ትንሽ ጨምራ ነፋችና ማዳመጫውን ክርኗ እጥፋት ላይ አስቀምጣ አየሩን በዝግታ መልቀቅ ያዘች።

ብዙ ሰው በማዳመጫው የሚሰማው የልብ ምት ይመስለዋል። አይደለም። ጨርቁ ሳይነፋ ማዳመጫውን እዚያው ብታስቀምጡት ምንም አትሰሙም፤ በሰፊው ደም ቅዳ ውስጥ ያለችግር የሚሄድ ደም ድምፅ የለውምና። ጨርቁ ጥርቅም አድርጎ ሲዘጋውም ዝም ነው፤ የሚያልፍ ነገር የለም። ድምፁ ያለው በሁለቱ ዝምታዎች መካከል ነው።

የቤታችሁን ቧንቧ አስቡት። ሲዘጋ ዝም ይላል። በጣም ጥቂት ብቻ ስትከፍቱት ግን ውሃው በጠባቧ ቀዳዳ ሲሾልክ ቧንቧው ውስጥ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። የክንዳችሁ ደም ቅዳም ከፊል ሲጨመቅ እንዲህ ይሆናል፤ ደሙ በጠባቡ መንገድ ተጋፍቶ ሲያልፍ ይናወጣል፣ ግድግዳውም ይርገበገባል።

እንግዲህ አየሩ ቀስ እያለ ሲወጣ አንድ ሰዓት ይመጣል፤ የልብ ግፊት ከጨርቁ ግፊት በጥቂቱ ይበልጥና ልብ በተኮማተረች ቁጥር ደሙ ሰብሮ ያልፋል። «ጧ» ይላል። ባለሙያዋ ያን ጊዜ መርፌው ላይ ያየችው ላይኛው ቁጥር ነው። ጨርቁ እየላላ ሄዶ፣ ልብ በምታርፍበት ቅጽበት እንኳ ደም ቅዳውን መጭመቅ ሲያቅተው ድምፁ ይጠፋል። ያ ደግሞ ታችኛው ቁጥር ነው። የነጋዴዋ የመጀመሪያው «ጧ» የተሰማው 206 ላይ ነው፤ ድምፁ የጠፋው 124 ላይ።

ይህን በራሳችሁ እጅ መሞከር ትችላላችሁ። የቤት ሰው አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣቱ በኩል፣ ሦስት ጣታችሁን በተርታ አሳርፉ። ወደ መዳፉ ያለውን ጣት ጠበቅ አድርጋችሁ ጫኑ፤ ከመዳፍ በኩል የሚመለሰውን ደም ያግዳል። በመካከለኛው ጣት ትርታውን አዳምጡ። አሁን ወደ ክርን ያለውን ጣት ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ ጫኑ። አንድ ቦታ ላይ ትርታው ከመካከለኛው ጣት ሥር ድርግም ይላል። ያን ለማድረግ የተጠቀማችሁበት ጉልበት የላይኛው ቁጥር ዘመድ ነው። መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞች ግፊትን የሚገምቱት በጣታቸው ነበር። ጣት ግን ቁጥር አይናገርም፤ የአንዱ ሐኪም «ጠንከር ያለ» ለሌላው «ደህና» ነው።

ቁጥሩን ያመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1896 ጣሊያናዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ የሚነፋ ማሰሪያን ከሜርኩሪ ዘንግ ጋር አገናኘ። ላይኛውን ቁጥር ብቻ ነበር የሚያገኘው፣ እሱም ትርታው ሲጠፋና ሲመለስ በጣት እየዳሰሰ። በ1905 ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮቭ ማዳመጫውን ከማሰሪያው በታች አስቀምጦ ድምፁን ሰማ፤ ታችኛው ቁጥር በዚያ ተገኘ። ኪራሙ ገበያ ላይ የተሠራው ሥራ ያው የእነሱ ሥራ ነው።

ታዲያ 206 ምንድን ነው? 206 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው የሜርኩሪ ዘንግ የሚጫነውን ያህል ግፊት ማለት ነው። ሜርኩሪ ከውሃ 13 ጊዜ ተኩል ገደማ ይከብዳል። በሜርኩሪ ፈንታ ቀጥ ያለ የመስታወት ቱቦ ከደም ቅዳ ጋር ብናገናኝ፣ ግፊቱ 120 የሆነ ሰው ደም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወጣል። የነጋዴዋ ግን ከ2 ሜትር ተኩል ያልፋል፤ ከበር ጉበን በላይ። እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ በ1733 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ በፈረስ ላይ ሞክሮ ደሙ 2 ሜትር ተኩል ገደማ እንደወጣ ጽፏል። ሴትዮዋ በተቀመጠችበት የተሸከመችው ግፊት ከዚያ ፈረስ አያንስም።

ባለሙያዋ ግን በአንድ ልኬት አልፈረደችም። ነጋዴዋ የመጣችው እየተጣደፈች ነው፣ ሽንቷን ይዛለች፣ እግሯን አነባብራለች፣ ጨርቁም የታሰረው ሹራቧ ላይ ነው። እያንዳንዳቸው ቁጥሩን ያዛባሉ። ለወፍራም ክንድ የጠበበ ጨርቅም ግፊትን ከእውነቱ በላይ ያሳያል። ስለዚህ ሽንቷን ሸንታ መጣች፤ ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን መሬት አስረግጣ፣ ሳታወራ አምስት ደቂቃ ተቀመጠች። ክንዷ ተራቁቶ ጠረጴዛው ላይ በልቧ ትክክል ተንጋለለ።

ክንድ ለምን በልብ ትክክል? አንድ እጃችሁን ወደ ታች አንጠልጥሉና የእጃችሁ ጀርባ ላይ ያሉት ደም ሥሮች ሲነፉ እዩ። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ አንሱት፤ ከልብ ከፍ ሲል ሟሽሸው ይጠፋሉ። ደምም እንደማንኛውም ፈሳሽ ክብደት አለው። ክንድ ከልብ በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ልኬቱ በ7 ወይም 8 ይጨምራል። ቤታችሁ በባትሪ የሚሠራ መለኪያ ካለ ክንዳችሁን አንጠልጥላችሁ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አሳርፋችሁ ለኩና አወዳድሩ። በነገራችን ላይ የባትሪው መለኪያ ድምፅ አይሰማም። የጨርቁን ጥቃቅን ንዝረት ይዞ ሁለቱን ቁጥሮች በስሌት ይገምታል። እየተለካችሁ ስታወሩ ወይም ስትንቀሳቀሱ የሚሳሳተው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ልኬት 198 በ118 ሆነ። ቀነሰ፣ ግን አሁንም ከአደገኛው መስመር፣ ከ180 በ120 አካባቢ አልራቀም። ባለሙያዋ ጠየቀች፦ ደረትዎን ያምዎታል? ትንፋሽ ያጥርዎታል? ዓይንዎ ይደበዝዛል? እጅ እግርዎ ይዝላል፣ አፍዎ ይተሳሰራል? ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ጉዞው በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ነቀምቴ ሊሆን ይችል ነበር። ሁሉንም «የለም» አለች። «ራሴን ብቻ ነው።»

ስለ ራስ ምታቱ የሚነገረው ነገር ብዙዎችን ያስገርማል። ከፍተኛ ግፊት ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ራሳቸውን አያማቸውም፤ 160 ይዘው በሰላም የሚነግዱ ሞልተዋል። ራስ ምታት ከግፊት ጋር የሚያያዘው ብዙውን ጊዜ ግፊቱ እንደ ነጋዴዋ ያለ ከፍታ ሲደርስ ነው። የእሷ ዕድል ማመሙ አይደለም፣ መለካቷ ነው። ባያማትም ኖሮ ኩላሊቷ፣ ልቧና የአንጎሏ ደም ቅዳዎች የሚቀበሉት ዱላ ያው ነበር።

ዲክሎፌናኩስ? እሱና ዘመዱ ኢቡፕሮፌን ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፣ ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ። ለራሷ ብላ የዋጠችው ለግፊቷ ስንቅ ሆኗል። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሻላት ነበር። ቡናዋን በጨው የምትጠጣ መሆኗም አልረዳትም።

ጎረቤቷ «መርፌ ወግተው ቶሎ አያወርዱላትም እንዴ?» አለች። አያወርዱም፤ ትክክልም ናቸው። ለወራት ከፍ ባለ ግፊት የኖረ አንጎል ደም ቅዳዎቹን ለዚያ አጥብቧል። ግፊቱ በአንዴ ቢወርድ ደም ሳይበቃው ቀርቶ ራሱ ስትሮክ ሊመጣ ይችላል። የሚጣደፉት የልብ፣ የአንጎል ወይም የኩላሊት ጉዳት ምልክት ሲኖር ነው፣ እሱም በሆስፒታል ክትትል።

ስለዚህ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳ ሽንቷ ተመረመረ፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም ተሰጣት። ክኒኑ የደም ቅዳዎችን ግድግዳ የሚያኮማትረውን ጡንቻ ያላላል። በዝግታ ገብቶ በዝግታ ይወጣል፤ ሙሉ ጉልበቱን የሚያሳየው ከሳምንት በኋላ ነው። በማግስቱ «አልሠራልኝም» ብሎ ሁለት መዋጥ አያስፈልግም።

በሳምንቱ ስትመለስ 172 በ104፣ በወሩ 152 በ94 ሆነች። ራስ ምታቱ ጠፍቷል። «እንግዲህ ተሻለኝ፣ ላቁም?» አለች። ባለሙያዋ 152ቱን አሳየቻት፤ የሚፈለገው ከ140 በ90 በታች ነው። ክኒኑ ወደ 10 ሚሊ ግራም አደገ። ቁርጭምጭሚቷ ቢያብጥ የክኒኑ የታወቀ ባሕርይ ስለሆነ፣ በራሷ ከማቆም ይልቅ መጥታ እንድትነግራቸውና ሌላ እንዲቀይሩላት ተነገራት።