«ሌላ ሰው አይኑር» የሚባለው መቼ ነው?

አራት ወር ሆኗቸዋል እንበል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቦሌ ይገናኛሉ፣ ማኪያቶ ይጠጣሉ፣ ማታ በቴሌግራም ያወራሉ። እሷ የሌሎችን ግብዣ እምቢ ማለት ከጀመረች ቆይታለች። እሱስ? አልጠየቀችውም።

ጓደኞቿ ምክር አያልቅባቸውም። አንዷ «ስድስት ወር ይሙላችሁ» ትላለች፤ ሌላዋ «ወንዱ ራሱ ያንሳው» ትላለች። የወር ቆጠራው ግን ያሳስታል። በሳምንት አንዴ ለሁለት ሰዓት የሚገናኙ ሰዎች በአራት ወር አብረው ያሳለፉት ጊዜ ቢደመር ሁለት ሙሉ ቀን እንኳ አይሞላም። ያውም ሁለቱም አምረውና ተዘጋጅተው የመጡበት ሰዓት ነው። ስለዚህ መታየት ያለበት ሌላ ነው፦ ሲናደድ አይታዋለች? ስትታመም ደውሏል? ቀጠሮውን ቀደም ብሎ ይይዛል ወይስ ዓርብ ማታ ሌላ ፕሮግራም ሲሰረዝበት ነው የሚያስታውሳት?

እነዚህን ካየችና አሁንም ከፈለገችው፣ ዝም ማለቷ ከዚህ በኋላ ትዕግሥት አይደለም። የዴንቨር ዩኒቨርሲቲው ስኮት ስታንሊና ባልደረቦቹ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ጥንዶች ሳይነጋገሩና ሳይወስኑ አብሮ ወደ መኖር ሲገቡ መለያየቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ እንደሚከብዳቸው አስረድተዋል። የእኛዎቹ አብረው አይኖሩም፤ ነገሩ ግን እነሱንም ይነካል። ገንዘብ ከመበዳደር፣ ከእናት ጋር ከመተዋወቅ በፊት ነው መነጋገር። ኮንዶም ለመተው ካሰቡም ሁለቱም አስቀድመው ይመርመሩ፤ ፈጣኑ የኤች አይ ቪ ምርመራ አዲስ የተያዘን ሰው እስከ ሦስት ወር ድረስ ላያሳይ ይችላል።

አነጋገሩ ቀላል ነው። በጽሑፍ አይሆንም፣ ከጠብ ማግስትም አይሆንም፣ በተለይ ደግሞ ከጓደኛ ሠርግ ሲመለሱ አይሆንም (ሚዜዎቹ ያስጨፈሩት ልብ ብዙ ቃል ይገባል)። በአዘቦት ቀን፣ ለብቻ፣ የራስን ፍላጎት ማስቀደም ነው፦ «እኔ ካንተ ሌላ ሰው ማግኘት ትቻለሁ። አንተም እንደዚያ ብትሆን ደስ ይለኛል። ምን ይመስልሃል?» «ከሌላ ሴት ጋር ትገናኛለህ?» ብላ ብትጀምር ግን ሰውየው ለመከላከል ይነሳል፣ ወሬው ወደ ምርመራ ይዞራል።

መልሱ «እሺ» ወይም «አይ» ከሆነ ነገሩ አለቀ። የሚያስቸግረው «ጊዜ ስጪኝ» ነው። ይህ ክፋት የለውም፤ «እስከ መቼ?» ብላ ግን ቀን ታስይዘው። ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አመጣጡም አደዋወሉም ካልተለወጠ፣ ወይም «ስም ባንሰጠው አይሻልም?» ማለት ከጀመረ፣ «አይ» እንዳለ ትቁጠረው።

ሴት ልጅ ቀድማ መናገሯ ያስንቃታል የሚሉ አሉ። በዚህ ጥያቄ የሚሸሽ ሰው ግን በስምንተኛው ወርም መሸሹ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ደግሞ እናቷም ሰምተዋል።