አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ምን ይነገረው?

አዲስ ሠራተኞችን ከመሥሪያ ቤቱ አሠራርና ደንብ ጋር የሚያስተዋውቀው ገለጻ፣ በተለምዶ ኦሪየንቴሽን የሚባለው፣ ሲሰናዳ ከባዱ ሥራ ቅደም ተከተሉን ማውጣት ነው። ብዙ አዘጋጆች የውስጥ ደንቡን ከአንቀጽ አንድ ጀምረው ወደ ስላይድ ይገለብጡታል። ሠራተኛው ግን ደንቡ ትዝ የሚለው ችግር ሲገጥመው ነው። ስለዚህ የተሻለው ዕቅድ የሠራተኛውን የመጀመሪያ ሳምንታት ተከትሎ ይሄዳል።

የልብስ ስፌት ፋብሪካን እንውሰድ። ሠራተኛዋ ማሽን ላይ ከመቀመጧ በፊት ማወቅ ያለባት ስለ ደኅንነት ነው፤ የአደጋ ጊዜ መውጫው የት እንደሆነ፣ መርፌ ጣቷን ቢወጋት ለማን እንደምትናገር፣ መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው አንድም ሳይቀር ተለቅሞ ለተቆጣጣሪ እንደሚመለስ። ይህን አዳራሽ ውስጥ በሥዕል ከማሳየት ይልቅ በሥራው ቦታ እያዞሩ ማሳየት ይበጃል።

ቀጥሎ ሰዓትና መቅረት ይመጣል፤ ብዙ አዲስ ሠራተኞችን ከሥራ የሚያፈናቅለው ይህ ስለሆነ ሰፊ ጊዜ ይገባዋል። «ሰዓት ማክበር ግዴታ ነው» የሚል ስላይድ ለማንም ምንም አይነግርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ቁርጥ ያለ ቁጥር አለው፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ፣ ወይም በድምሩ አምስት የሥራ ቀን የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ገለጻው ይህን በምሳሌ ያስረዳል። ሌሊት ያመማት ሠራተኛ በማግስቱ ለማን ትደውላለች? የሐኪም ማስረጃውን ለየትኛው ክፍል ታስገባለች? የሰው ስምና ስልክ ቁጥር ያልያዘ መልስ፣ መልስ አይባልም።

ከዚያ የሙከራ ጊዜና ክፍያ ይከተላል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በቁጥር ሲሰላ ይገባል፦ የሰዓት ደመወዟ 20 ብር የሆነ ሠራተኛ በአዘቦት ቀን፣ በቀኑ ክፍለ ጊዜ ለሠራችው ትርፍ ሰዓት 30 ብር፣ በሕዝብ በዓል 50 ብር ታገኛለች። የዓመት ፈቃድ ዝርዝር ቤት በሚወሰድ ወረቀት ላይ ቢታተም ይበቃል።

አቤቱታ ላይ ዕቅዶች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። «ችግር ሲኖር ለቅርብ አለቃ አሳውቁ» ተብሎ ይታለፋል። ትንኮሳ የፈጸመው ያው አለቃ ከሆነስ? ስለዚህ ሁለተኛ ተቀባይ በግልጽ መጠቀስ አለበት።

ገለጻው መግባቱ የሚታወቀው በፊርማ አይደለም፤ መዝገብ ላይ የተፈረመ ስም መገኘትን ብቻ ያሳያል። ማብቂያው ላይ ሦስት አራት ሠራተኞች በየራሳቸው አነጋገር «ነገ ብታመም እንዲህ አደርጋለሁ» ብለው እንዲመልሱ ይጠየቃሉ። መልሳቸው ከተለያየ፣ መስተካከል ያለበት ገለጻው ነው።