ከማስታወቂያ ሥዕል ላይ ጽሑፍ ሲገለበጥ

የጨረታ ማስታወቂያ ለነጋዴው በስልክ ስክሪንሾት የሚደርስበት ጊዜ አለ። ሥዕል በመሆኑ ጽሑፉ ሊታረም አይችልም፤ ስለዚህ ጸሐፊው ፊደል በፊደል በኮምፒዩተር ይመታዋል።

«የጨረታው ሰነድ በጽሕፈት ቤቱ ይሸጣል» የሚለው «ይሰጣል» ተብሎ ቢገለበጥ፥ ተጫራቹ ገንዘብ ሳይዝ ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል። «ሸ» ከ«ሰ» የሚለየው በራሱ ላይ ባለው አግድም ሰረዝ ብቻ ነው፤ ሥዕሉ ሲደበዝዝ ሰረዙ ይጠፋል። ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለ ሆኑ የኮምፒዩተሩ አራሚ ስሕተቱን አያመለክትም። «ተ» እና «ቸ»፥ «ነ» እና «ኘ»ም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ሥዕሉን አጕልቶ፥ አጠራጣሪውን ፊደል በዚያው ማስታወቂያ ላይ ጥርት ብሎ ከሚታየው አምሳያው ጋር ማስተያየት ይገባል። የሰነዱ ዋጋም ተጽፎ እንደ ሆነ «ይሸጣል» ለመሆኑ ምስክር ነው።

ድምፃቸው አንድ የሆኑትም ፊደላት ጥንቃቄ ይሻሉ። ድርጅቱ ስሙን «ፀሐይ» ብሎ ካስመዘገበ «ጸሐይ» ተብሎ አይጻፍ፤ ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተር ሁለት ናቸውና፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲፈለግ ብዙውን ጊዜ አይገኝም።

በመጨረሻ አንዱ ሰው ከሥዕሉ «ፀሐዩ ፀ»፥ «ጸሎቱ ጸ» እያለ ያንብብ፤ ሌላው የተመታውን ይከታተል። አሁንም የሚያጠራጥር ፊደል ቢቀር፥ በግምት ከመሙላት ማስታወቂያውን ያወጣውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይሻላል።