ዋጋው ሲወጣ ጉልበቱ ሲከዳው

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2021 ቢትኮይን ዕለቱን በ66,000 ዶላር ገደማ ዘጋ። በሳምንቱ ወደ 58,400 ዶላር ወረደ፤ ከዚያ አንሰራርቶ ኖቬምበር 8 ቀን በ67,500 አካባቢ ዘጋ። በታሪኩ አይቶት የማያውቀው ዋጋ ነበር፤ የገበያው ወሬም ሁሉ መቼ መቶ ሺህ እንደሚገባ ሆነ። ከቻርቱ ሥር የምትሳበውን ቀጭን መስመር ያየ ሰው ግን አንድ የማይገጥም ነገር ያገኝ ነበር። ዋጋው ከኦክቶበሩ ጫፍ በልጦ ሳለ መስመሯ ከኦክቶበሩ ጫፏ ዝቅ ብላ ቀርታለች።

መስመሯ በቻርቱ ላይ RSI ተብላ የተጻፈችው ናት። የቀመራት ዌልስ ዋይልደር የተባለ አሜሪካዊ መካኒካል መሐንዲስ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ነው ያስተዋወቃት። በ0 እና በ100 መካከል ትመላለሳለች። ዋጋና መስመሯ እንዲህ ሲለያዩ ነጋዴዎች ዳይቨርጀንስ ይሉታል።

ለምን እንደሚለያዩ ለመረዳት ስሌቱን ማየት ይበቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የ14 ቀን እንቅስቃሴ ነው። በእነዚህ 14 ቀናት ሁሉ የተገኘው አማካይ ዕለታዊ ጭማሪ በእነዚሁ ቀናት ለደረሰው አማካይ ዕለታዊ ቅናሽ ይካፈላል፤ ውጤቱ RS ይባላል።

RSI = 100 − 100 ÷ (1 + RS)

አማካይ ጭማሪው 3 ዶላር፣ አማካይ ቅናሹ 1 ዶላር ከሆነ RSI 75 ይሆናል። ከሳምንታት በኋላ ጭማሪው ወደ 1.50 ቢያንስና ቅናሹ ባለበት ቢቆይ 60 ይሆናል። ልብ በሉ፣ ጭማሪው አሁንም ከቅናሹ ይበልጣል፤ ስለዚህ ዋጋው መውጣቱን አላቆመም። የቀነሰው ፍጥነቱ ነው። ዳይቨርጀንስ የሚነግረን ይህንኑ ብቻ ሆኖ ሳለ ብዙዎች «ሽጥ» የሚል ትእዛዝ አድርገው ያነቡታል። እኔ እንደማየው የሚከስሩትም እዚያ ላይ ነው።

የዚያው ዓመት መጋቢት ይህን በደንብ ያሳያል። ቢትኮይን ፌብሩዋሪ 21 ቀን በ57,500 ገደማ ዘግቶ ነበር፤ ማርች 13 ቀን በ61,000 አካባቢ ሲዘጋ RSI ከፌብሩዋሪው በግልጽ አንሶ ታየ። ያኔ የሸጠ ሰው ለጥቂት ቀናት ደስ ብሎት ይሆናል፤ ዋጋው ወደ 52,000 አካባቢ ወርዶ ነበርና። በአፕሪል አጋማሽ ግን ከ63,000 በላይ ዘጋ።

ሁለቱን አጋጣሚዎች ለመለየት የሚረዳው በጫፎቹ መካከል ያለው ሸለቆ ነው። በፌብሩዋሪና በማርች ጫፎች መካከል ዝቅተኛው መዝጊያ 45,000 ገደማ ነበር፤ የማርቹ ቅናሽ እዚያ አልደረሰም። በኦክቶበርና በኖቬምበር መካከል የነበረው ሸለቆ ግን ያ 58,400 ነው፤ ኖቬምበር 18 ቀን ዋጋው 57,000 አካባቢ ዘግቶ ተሻገረው። መጀመሪያ የታየው ድካም ያኔ ውድቀት መሆኑ ተረጋገጠ። ዲሴምበር 4 ቀን በአንድ ቀን ውስጥ እስከ 42,000 ገደማ ወረደ፤ በጃንዋሪ መጨረሻ ደግሞ 33,000 አካባቢ ደረሰ።

ሸለቆው እስኪሰበር የጠበቀ ሰው ከጫፉ 10,000 ዶላር ያህል አሳልፎ ነው የሸጠው። ያ የመጠበቅ ዋጋ ነው። ሸለቆው ሳይሰበር ለመሸጥ የቸኮለ ደግሞ ቢያንስ ኪሳራውን የሚቆርጥበትን ቦታ አስቀድሞ ይወስን፤ በዚህ ምሳሌ ከኖቬምበሩ ከፍተኛ ዋጋ፣ ማለትም ከ69,000 ጥቂት ከፍ ብሎ።

ሲነበብ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። RSI የሚሰላው በመዝጊያ ዋጋ ነው፤ የሻማውን ጭራ ከመስመሯ ጫፍ ጋር ማወዳደር የሌለ ልዩነት ያሳያል። ሁለተኛው ችኮላ ነው። ዋጋው ገና እየወጣ ሳለ «ሁለተኛው ጫፍ ይኸው» ያለ ሰው፣ ነገ አንድ ትልቅ አረንጓዴ ሻማ ሲጨመር RSIም ከቀድሞው ጫፍ በልጦ ዳይቨርጀንሱ ከቻርቱ ላይ ይጠፋበታል። ጫፉ ጫፍ መሆኑ የሚታወቀው ዋጋው ከዞረ በኋላ ነው።

ከታች በኩል ነገሩ ይገለበጣል፤ ዋጋው የባሰ ሲወርድ RSI ቀድሞ ከነካው ዝቅታ ከፍ ብሎ ይቀራል። ቢትኮይን በጁን 2022 እስከ 17,600 ገደማ፣ በኖቬምበር 2022 ደግሞ እስከ 15,500 አካባቢ ሲወርድ የታየው ይህ ነበር። የሸለቆውን ደንብ እዚህ ገልብጦ መጠቀም ግን ያስቸግራል። በሁለቱ ዝቅታዎች መካከል የነበረው ጉብታ ከፍታው በኦገስት የተደረሰበት 25,000 ገደማ ስለነበር፣ ያ እስኪታለፍ የጠበቀ ሰው የገዛው በማርች 2023 ነው፤ ያኔ ዋጋው ከታችኛው ነጥብ ከግማሽ በላይ ጨምሮ ነበር። ዝቅታዎቹ በወራት ሲራራቁ ስለዚህ ነጋዴዎች ከመጨረሻው ዝቅታ በፊት ያለውን ቀረብ ያለ ጉብታ ይወስዳሉ፤ ቶሎ ለመግባት ሲሉ ደጋግሞ የመሳሳትን ዕዳ ይሸከማሉ።