ሜጋ ቢቱ ሞልቶ ስብሰባው ሲቆራረጥ

የኢንተርኔት ፓኬጅ ዋጋው የሚወጣው በሜጋ ቢት ነው። የቪዲዮ ስብሰባ ግን ያን ያህል ሜጋ ቢት አይበላም፤ ጥራት ላለው ምስል በሰከንድ ከሦስት እስከ አራት ሜጋ ቢት ይበቃዋል። መለኪያው 40 እያሳየ ምስሉ ድርቅ የሚል ከሆነ፣ ወደ 80 ለማሳደግ የሚከፈለው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ነው።

የፍጥነት መለኪያ ለጥቂት ሰከንዶች የቻለውን ያህል ዳታ አሳልፎ አማካዩን ይነግረናል። መንገድ ላይ የጠፋ ፓኬት ድጋሚ ስለሚላክ ጉድለቱ እምብዛም አይታይም። ጥሪ ይህን ያህል አይታገስም። ድምፅ ብዙ ጊዜ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ እየተቆረጠ፣ በሰከንድ 50 ፓኬት ሆኖ ይጓዛል፤ አርፍዶ የደረሰ ፓኬት ተራው ስላለፈ ይጣላል። ለአድማጩ ከጠፋው አይለይም። ፓኬቱ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ፒንግ ይባላል፣ የዚያ ጊዜ መዋዠቅ ደግሞ ጂተር። እኔ የምፈራው ጂተሩን ነው። ፒንጉ ሁልጊዜ 180 ከሆነ ሰው ይለምደዋል፤ ከ60 ወደ 400 እየዘለለ የሚመለስ ከሆነ ግን መግባባት አይቻልም።

አንድ ቡና ላኪ ድርጅት እናስብ። ሥራ አስኪያጁ ውጭ አገር ካለ ገዢ ጋር በቪዲዮ እየተደራደረ ነው፤ የመላኪያ ፍጥነቱ አራት ሜጋ ቢት ነው። በዚያው ሰዓት የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር የቀኑን ፋይል ወደ ክላውድ መጫን ይጀምራል። ራውተሩ ማስተላለፍ ያልቻለውን ያከማቻል። ማከማቻው አንድ ሜጋ ባይት፣ ማለትም ስምንት ሜጋ ቢት ቢይዝ፣ በአራት ሜጋ ቢት ተልኮ እስኪያልቅ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል። የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ከዚያ ሁሉ ፋይል ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል።

ችግሩ የት እንዳለ ለመለየት፣ ጥሪው እየተቆራረጠ ሳለ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ እነዚህን ሁለት ትእዛዞች መስጠት ነው፤ የመጀመሪያው አድራሻ የራውተሩ ነው፣ እንደየቤቱ ይለያያል።

```
ping -n 100 192.168.1.1
ping -n 100 8.8.8.8
```

ወደ ራውተሩ የሚደረገው ጉዞ ራሱ የሚዋዥቅ ወይም ፓኬት የሚጥል ከሆነ ጥፋቱ የዋይፋዩ ሳይሆን አይቀርም፤ ላፕቶፑን በኬብል አገናኝቶ ድጋሚ መሞከር ነው። እዚያ ድረስ ሰላም ሆኖ ወደ ውጭ ሲወጣ ብቻ የሚዘል ከሆነ ፋይል መጫኑን ያስቁሙ። ወዲያው ከተስተካከለ ምክንያቱ ወረፋው ነው፤ የፋይሉን የመጫኛ ፍጥነት ለጥሪው በቂ ቦታ እንዲተርፍ አድርጎ መገደብ ወይም ጭነቱን ወደ ሌሊት ማዛወር ይበቃል። አንዳንድ ራውተር ለፒንግ ምላሽ ቅድሚያ ስለማይሰጥ አንድ የዘገየ መልስ ማስረጃ አይሆንም፤ ደጋግሞ የሚታየውን ነው መያዝ።

ቢሮው ውስጥ ማንም ምንም ሳይጭን፣ በኬብልም ተሞክሮ ከመቶው ሦስት አራቱ ከጠፉ ግን ጉዳዩ የአቅራቢው ነው። ያኔ የፍጥነት መለኪያውን ሥዕል ይዞ መሄድ ለእነሱ መከራከሪያ ማቀበል ነው፤ በተለያየ ሰዓት የተወሰደውን የፒንግ ውጤት ከነሰዓቱ ያቅርቡ።