«ፈጥኗል» ላለ ለውጥ ምን ማስረጃ እንጠይቅ?

ብዙ ሰዎች አብረው የሚሠሩት ሶፍትዌር የሚያድገው በትንንሽ ለውጦች ነው። አንድ ፕሮግራመር ጥቂት የኮድ መስመሮችን ያስተካክልና ምን እንደቀየረ፣ ለምንስ እንደቀየረ የሚናገር መግለጫ አያይዞ ያቀርባል። ሌላ ባለሙያ ኮዱንም መግለጫውንም አንብቦ ይቀበላል፣ ይመልሳል ወይም ጥያቄ ያነሣል። ለውጡ ስህተት የሚያርም ከሆነ ነገሩ ቀለል ይላል፤ ስህተቱ ነበረ፣ አሁን የለም። «ይህ ለውጥ ፕሮግራሙን ያፈጥነዋል» የሚል ሲመጣ ግን ኮዱን በዓይን በማየት ብቻ እውነቱን መለየት ያስቸግራል። በወረቀት ላይ ፈጣን የሚመስል ኮድ ማሽን ላይ ሲሮጥ የሚዘገይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ማስረጃው ከመግለጫው ውስጥ መገኘት አለበት።

በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች የሚሳተፉበት የሊኑክስ ከርነል ይህን በጽሑፍ አስፍሮታል። ለውጥ ለሚያቀርቡ ሰዎች የተዘጋጀው መመሪያ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ፍጥነት ጨመርኩ ወይም ሜሞሪ ቆጠብኩ የሚል ሰው ቁጥር ያቅርብ፤ ደግሞም ለውጡ የሚያስከፍለውን፣ በቀላሉ የማይታየውን ዋጋ ይናገር። ይህ ጥያቄ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንመልከት።

ስቴትመንት የሚያዘጋጀው ኮድ

ለማስረዳት ያህል፣ ጎ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ የባንክ ሶፍትዌር እንውሰድ። ደንበኛው ስቴትመንት ሲጠይቅ ፕሮግራሙ የገንዘብ እንቅስቃሴዎቹን ከዳታቤዝ ያወጣል፤ ከዚያ መስመር በመስመር እያያያዘ አንድ ረጅም ጽሑፍ ያደርጋቸዋል። የቆየው ኮድ ይህን ይመስላል፦

```go
s := ""
for _, r := range rows {
    s += r
}
```

በጎ ቋንቋ አንድ ጽሑፍ ከተፈጠረ በኋላ አይለወጥም። ስለዚህ አዲስ መስመር በተጨመረ ቁጥር ማሽኑ አዲስ ቦታ ይይዛል፤ እስከዚያ የተጠራቀመውን ሁሉ ወደዚያ ይገለብጣል፤ በመጨረሻም አዲሷን መስመር ይቀጥላል። አንድ ፕሮግራመር ይህን አይቶ የሚከተለውን ለውጥ አቀረበ እንበል፦

```go
var b strings.Builder
b.Grow(1 << 20)
for _, r := range rows {
    b.WriteString(r)
}
s := b.String()
```

እዚህ ላይ ወደ 1 ሜጋባይት የሚጠጋ ቦታ አስቀድሞ ይያዛል፤ መስመሮቹም እዚያው ተከታትለው ይጻፋሉ። ከለውጡ ጋር የተያያዘው መግለጫ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ስቴትመንት ማዘጋጀትን 60 እጥፍ ያፈጥናል።» ገምጋሚው ምን ይጠይቅ?

በምን ያህል ሥራ ላይ ተለካ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ልኬቱ የተወሰደው በስንት መስመር ላይ እንደሆነ ነው። እያንዳንዱ መስመር 100 ባይት ነው እንበል። የ10 መስመር ስቴትመንት በቆየው ኮድ ሲዘጋጅ ማሽኑ በድምሩ የሚገለብጠው 5,500 ባይት ነው፤ ይህ ለዛሬ ፕሮሰሰር ከምንም አይቆጠርም። መስመሮቹ 10,000 ሲሆኑ ግን እያንዳንዷ አዲስ መስመር የቀደሙትን ሁሉ ስለምታስገለብጥ ድምሩ ወደ 5 ቢሊዮን ባይት ይደርሳል። መስመሩ 1,000 እጥፍ ሲጨምር ግልበጣው ወደ አንድ ሚሊዮን እጥፍ ገደማ አደገ ማለት ነው።

«60 እጥፍ» የሚለው ቁጥር ለዓመት ሙሉ ስቴትመንት ለሚጠይቅ ትልቅ ነጋዴ እውነት ሊሆን ይችላል። የወር ደመወዙንና ጥቂት ወጪዎቹን ለሚያይ ሠራተኛ ግን ምንም አይነግረውም። ስለዚህ መግለጫው ቢያንስ ሁለት መጠኖችን ማሳየት አለበት፤ አንደኛው አብዛኛው ተጠቃሚ የሚያጋጥመው፣ ሁለተኛው ለውጡ የታሰበለት ከባድ ሥራ። ለተጠቃሚዎች የተለመደው መጠን የትኛው እንደሆነም ከሶፍትዌሩ የሥራ መዝገብ ታይቶ መጻፍ አለበት፤ በግምት ከተቀመጠ ማስረጃ አይሆንም።

ከጠቅላላው ጊዜ ድርሻው ስንት ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ የተፋጠነው ክፍል ከሙሉው ሥራ ውስጥ ያለው ድርሻ ነው። ትልቁ ስቴትመንት ደንበኛው ከጠየቀበት ቅጽበት እስኪደርሰው 2 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። ከዚህ ውስጥ 1.4 ሰከንዱን የሚወስዱት ዳታቤዙና ኔትወርኩ ናቸው፤ ጽሑፉን ማያያዝ የሚወስደው 0.6 ሰከንድ ነው። ማያያዙ በ60 እጥፍ ሲፈጥን 0.6 ሰከንዱ 0.01 ይሆናል። ደንበኛው የሚጠብቀው ግን አሁንም 1.41 ሰከንድ ነው፤ ጊዜው የቀነሰው በ30 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው።

ሁለቱም ቁጥሮች ሐሰት አይደሉም። «60 እጥፍ» ስለ አንዲት የኮድ ቁራጭ ይናገራል፣ «30 በመቶ» ስለ ደንበኛው። የኮምፒዩተር ሳይንቲስቱ ጂን አምዳል በ1967 ያነሣው ነጥብም ይኸው ነበር፤ አንድን ክፍል የቱንም ያህል ብናፈጥን አጠቃላይ ጥቅሙን የሚወስነው ሳይነካ የቀረው ክፍል ነው። ማያያዙ ከ2 ሰከንዱ 0.02 ብቻ የሚወስድ ቢሆን ኖሮ ጭራሽ ወደ ዜሮ ብናወርደው እንኳ ትርፉ 1 በመቶ ነበር። በመሆኑም ገምጋሚው ፕሮፋይል ይጠይቃል፤ ይህም ፕሮግራሙ ጊዜውን በየትኞቹ የኮድ ክፍሎች ላይ እንደሚያጠፋ የሚያሳይ ልኬት ነው።

ልዩነቱ እውነተኛ ነው ወይስ የአጋጣሚ?

ያንኑ ኮድ በዚያው ማሽን ሁለት ጊዜ ብናስኬደው ሁለት የተለያዩ ጊዜዎች እናገኛለን። ላፕቶፑ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከኋላ የተከፈቱ ሌሎች ፕሮግራሞችም ጊዜ ይሻማሉ። ከዚህ የረቀቀ ምክንያትም አለ። በ2009 አራት ተመራማሪዎች ባቀረቡት ጥናት፣ አንድ ቃል ኮድ ሳይነካ፣ ከፕሮግራሙ ጋር የሚተላለፉ የሥርዓተ ክወና ተለዋዋጮችን ርዝመት መቀየር ብቻ ወይም የፕሮግራሙ ፋይሎች የሚገጣጠሙበትን ቅደም ተከተል መለወጥ ብቻ ፍጥነቱን ሊያዛባው እንደሚችል አሳይተዋል። ምክንያቱ ኮዱና ዳታው በሜሞሪ ውስጥ የሚያርፉበት ቦታ መቀየሩ ነው። መዛባቱ አንድ ማሻሻያ ጠቃሚ ነው ወይም አይደለም በሚለው ላይ የተሳሳተ ፍርድ ለማሰጠት የሚበቃ ነበር።

ስለዚህ «በፊት 612፣ አሁን 590 ሚሊሰከንድ» የሚል ነጠላ ጥንድ ቁጥር ማስረጃ አይሆንም። ልኬቱ ሊደገምና ውጤቶቹ ምን ያህል እንደሚበታተኑ ሊታይ ይገባል። በጎ ፕሮግራመሮች ዘንድ የተለመደው መንገድ ልኬቱን በቆየው ኮድ 10 ጊዜ፣ በአዲሱ ኮድ 10 ጊዜ በአንድ ማሽን ላይ ማስኬድና ሁለቱን ማወዳደር ነው። የመጀመሪያው ትዕዛዝ ለውጡ ከመግባቱ በፊት፣ ሁለተኛው ከገባ በኋላ ይሰጣል፦

```
go test -run='^$' -bench=Report -benchmem -count=10 > old.txt
go test -run='^$' -bench=Report -benchmem -count=10 > new.txt
benchstat old.txt new.txt
```

`benchstat` የተባለው መሣሪያ የልኬቶቹን መካከለኛ ዋጋና የመበታተናቸውን መጠን በመቶኛ ያሳያል። ከጎኑ የሚጽፈው የ`p` ዋጋ፣ በሁለቱ ኮዶች መካከል ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን የሚያህል ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉን ይነግረናል። ዕድሉ ከ0.05 ካላነሰ መሣሪያው በመቶኛው ፋንታ `~` ያስቀምጣል። ትርጉሙም «ልዩነት አለ ለማለት አልቻልኩም» ነው። ይህ ምልክት የወጣበት ለውጥ «ትንሽ ፈጥኗል» ተብሎ ሊቀርብ አይገባም።

እነዚህ ትዕዛዞች ከነማሽኑ ዓይነትና ከነጎ ስሪቱ መግለጫው ውስጥ ሲጻፉ ገምጋሚው በራሱ ማሽን ደግሞ መለካት ይችላል። የመለኪያውን ኮድ ራሱንም ማንበብ አለበት። አንዳንድ ጊዜ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር ውጤቱ የትም ጥቅም ላይ እንደማይውል ካየ ሥራውን ጭራሽ ይሰርዘዋል፤ ያን ጊዜ የተለካው ባዶ ዙር ይሆናል። አንድ ከባድ ሥራ ከናኖሰከንድ ባነሰ ጊዜ አለቀ የሚል ውጤት ካየን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ይህን ነው።

ዋጋውን ማን ከፈለ?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፈው ነው። አዲሱ ኮድ ለእያንዳንዱ ጥያቄ 1 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ስቴትመንቱ 10,000 መስመርም ይሁን 10 መስመር ለውጥ የለውም። የ10 መስመር ስቴትመንት የሚያስፈልገው 1,000 ባይት ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ 500 ደንበኞች አጭር ስቴትመንት ቢጠይቁ፣ ግማሽ ሜጋባይት ለሚበቃው ሥራ 500 ሜጋባይት ያህል ይያዛል። ጥቂት ትልልቅ ደንበኞችን ያስደሰተው ለውጥ አገልጋይ ኮምፒዩተሩን በሥራ ብዛት ሰዓት ሊጥለው ይችላል።

ይህ ጉዳት በጊዜ ልኬት ላይ አይታይም። የሚታየው ከላይ በትዕዛዙ ውስጥ `-benchmem` ስላለ በሚወጣው፣ አንድ ዙር ስንት ባይት እንደያዘ በሚናገረው ዓምድ ላይ ነው፤ ያውም የ10 መስመሩ ሥራ አብሮ ከተለካ ብቻ። መፍትሔው እዚህ ላይ ቀላል ነው፤ የሚያዘውን ቦታ በመስመሮቹ ብዛት ልክ ማድረግ።

```go
b.Grow(len(rows) * 100)
```

ገምጋሚው ሁለተኛውን መጠንና የሜሞሪውን ቁጥር ባይጠይቅ ኖሮ ይህ ማስተካከያ አይመጣም ነበር።

ተስተካክሎ የተጻፈው መግለጫ

ከእነዚህ ጥያቄዎች በኋላ መግለጫው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «10,000 መስመር ያለው ስቴትመንት ሲዘጋጅ ከ2 ሰከንዱ 0.6 ሰከንድ የሚያልፈው ጽሑፍ በመገልበጥ እንደሆነ ፕሮፋይሉ ያሳያል። ይህ ለውጥ ቦታውን በመስመሮቹ ብዛት ልክ አስቀድሞ በመያዝ ግልበጣውን ያስቀራል። ደንበኛው የሚጠብቀው ጊዜ ወደ 1.41 ሰከንድ ይወርዳል። በ10 መስመር ላይ ደንበኛው የሚያየው ልዩነት የለም። አንድ መስመር በአማካይ ከ100 ባይት ከበለጠ ተጨማሪ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። የ10 ዙር ልኬቱ ውጤት፣ ትዕዛዙና የማሽኑ ዓይነት ከታች አሉ።» ይህን ያነበበ ሰው ለውጡ ማንን እንደሚጠቅም፣ ማንን እንደማይነካና የት ላይ እንደሚያበቃ ያውቃል። ከዓመታት በኋላ ኮዱን የሚረከበው ፕሮግራመርም ለምን እንዲህ እንደተጻፈ ከታሪክ መዝገቡ ያገኘዋል።

እርግጥ ይህ ሁሉ ለእያንዳንዷ ለውጥ አይጠየቅም። ኮዱን የሚያሳጥርና የሚያቀል ለውጥ በዚያው ምክንያት ብቻ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን መግለጫው ስለ ፍጥነት ምንም አይበል። ኮዱን ለማንበብ የሚያከብድ ለውጥ ደግሞ ለክብደቱ ያለው ብቸኛ ምክንያት ፍጥነት ከሆነ፣ ፍጥነቱ በቁጥር እስኪረጋገጥ ድረስ አይግባ።